«ተዛውሯል» ትምህርት ቤት ቀየረ ማለት አይደለም፦ በስልክ የተነሳ የትምህርት ማስረጃን ለቪዛ መተርጎም

አንድ ወጣት የዘጠነኛ ክፍል ካርዱን በስልኩ አንስቶ፣ እዚያው በጉግል ትራንስሌት ወደ እንግሊዝኛ አስገልብጦ ላከልኝ። ለተማሪ ቪዛ ነው፣ ወደ ካናዳ። «ሁሉም አልቋል፣ አንተ ፈርምበት ብቻ» አለኝ። ሥራዬ ትርጉም ነውና እንዲህ ያለ ልመና አዲሴ አይደለም።

ወረቀቱን ስከፍተው ሳቅም ድንጋጤም ያዘኝ። የአባቱ ስም «ሃፒነስ» ሆኗል፤ አባቱ ደስታ ይባላሉ። ሰውነት ማጎልመሻ «ቦዲ ቢልዲንግ» ሆኗል። «ቀሪ 3» የሚለው ሦስት ቀን ከትምህርት መቅረቱን ነው የሚናገረው። ትርጉሙ ግን «ሪሜይኒንግ 3» ብሎ ሦስት ትምህርት ያልጨረሰ አስመስሎታል።

ከሁሉ የባሰችው ታች ያለችው አንዲት መስመር ናት። ካርዱ «ወደ 10ኛ ክፍል ተዛውሯል» ይላል። ልጁ ክፍሉን አልፏል ማለት ነው፣ በእንግሊዝኛው «ፕሮሞትድ»። ማሽኑ «ትራንስፈርድ» አለው። ይህን የሚያነብ የቪዛ መርማሪ ልጁ ትምህርት ቤት ቀይሯል ብሎ ያስባል። ቀጥሎ የሚጠይቀው «ታዲያ የሌላው ትምህርት ቤት ወረቀት የታለ?» ነው።

ከዚህ በታች ያለው የዚያ ካርድ ጉዞ ነው። ስሙን ቀይሬ ብርሃኑ ደስታ ብዬዋለሁ። በስልክ የተነሳ ካርድ የት ድረስ እንደሚያስኬድ፣ የት ላይ እንደሚያቆም ከእሱ ይታያል።

መጀመሪያ፦ ወረቀቱን የሚቀበለው ማን ነው?

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት የምታመለክቱበትን አገር የሰነድ ዝርዝር ክፈቱና ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው የትኛው ቋንቋ እንደሚፈቀድ ነው። ሁለተኛው ትርጉሙን ማን መሥራት እንዳለበት የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነው። «ሰርቲፋይድ ትራንስሌሽን» የሚለው ቃል በየአገሩ የተለያየ ነገር ማለት ነው። አንዱ ጋ የተርጓሚ ፊርማ ይበቃል። ሌላው ጋ በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ የፈጸመ ባለሙያ ካልሆነ አይነበብም። ዝርዝሩን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ካርዱንም ራሱን ተመልከቱ። ብዙ ካርዶች አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የታተመባቸው ናቸው። በእጅ የተጻፈው፣ ማኅተሙና አስተያየቱ ሁሉ በእንግሊዝኛም ካለ የሚተረጎም ነገር የለም ማለት ነው። ግን ተጠንቀቁ። ርዕሱ በሁለት ቋንቋ ሆኖ የመምህሩ አስተያየት በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ከሆነ ያቺ አንዲት መስመር ትርጉም ትፈልጋለች። የብርሃኑ ካርድ እንደዚያ ነበር። የትምህርቶቹ ስም በሁለቱም ቋንቋ አለ፤ «ተዛውሯል» የምትለዋ ግን በአማርኛ ብቻ ናት።

ፎቶው

ትርጉም የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ካርዱን ጠቆር ባለ ነገር ላይ አንጥፉት፣ የወረቀቱ ጠርዝ እንዲለይ። መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን አንሱት። ፍላሽ አጥፉ። ካርዱ ላሚኔት የተደረገ ከሆነ ፍላሹ መሃል ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይፈጥራል፤ ያ ነጠብጣብ ደግሞ ሆን ብሎ ይመስል ማኅተሙ ወይም የልደት ቀኑ ላይ ያርፋል። ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ከላይ ያዙት። አራቱም ማዕዘን መታየት አለበት። ጀርባው ላይ አንዲት ፊርማ እንኳ ካለች ጀርባውም ይነሳል።

ሙሉ ገጹ የፎቶውን ክልል ከሞላ የዛሬ ስልኮች ጥራት ይበቃል። ኤ ፎር ገጽ በስካነር በ300 ዲፒአይ ሲነሳ 2480 በ3508 ፒክሰል ያህል ነው። ባለ 12 ሜጋፒክሰል ካሜራም ወደዚያው ይጠጋል። ጥራቱን የሚገድለው የሚላክበት መንገድ ነው። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ከላካችሁት መተግበሪያው ይጨምቀዋል፣ ትናንሾቹ ፊደላትም ይደበዝዛሉ። እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት።

ስለ ስካን መተግበሪያዎች አንድ ነገር ልበል። ጥቁርና ነጭ የሚያደርገውን ማጣሪያ አትንኩት። ወረቀቱን ያሳምረዋል፣ ሰማያዊውን ማኅተም ግን ወደ ግራጫ ጭጋግ ይለውጠዋል። ከፊርማ በላይ ያረፈ ማኅተም በቀለም ሲነሳ ሁለቱም ይለያሉ፤ በጥቁርና ነጭ ሲነሳ አንድ ጥቁር ጉብታ ይሆናሉ።

አንስታችሁ ስትጨርሱ አጉሉትና ማኅተሙ ላይ ዞሮ የተጻፈውን አንብቡት። እናንተ ካላነበባችሁት ተርጓሚውም አያነበውም።

ከፎቶ ወደ ጽሑፍ

አብዛኛው ሰው ፎቶውን ቀጥታ ወደ ትርጉም ያስገባዋል። እኔ መሃል ላይ አንድ እርምጃ እጨምራለሁ፦ መጀመሪያ አማርኛውን እንዳለ ወደ ጽሑፍ መለወጥ። ስህተቱ ከንባብ ይሁን ከትርጉም የሚታወቀው እንዲህ ሲሆን ነው። ፎቶውን ጉግል ድራይቭ ላይ ጫኑት፣ ኮምፒውተር ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጉና `Open with` ከዚያ `Google Docs` የሚለውን ምረጡ። ፎቶው ከላይ፣ የተነበበው ጽሑፍ ከሥር ይመጣል።

ቀጥሎ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። የታተመ አማርኛ በአብዛኛው በደህና ይነበባል። የእጅ ጽሑፍ ግን አደጋ ነው። በአማርኛ አንዲት ትንሽ ቅጥያ ፊደሉን ትቀይረዋለችና ተ ቱ፣ ለ ሉ ሊሆን ይችላል። ነ እና ኀ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው። ስም ላይ ይህ ሲሆን ሌላ ሰው ተፈጠረ ማለት ነው።

ቁጥሮቹ ላይ ግን ደግ ነገር አለ፤ ካርዱ ራሱ ያርማችኋል። የብርሃኑ ካርድ 11 ትምህርት አለው፣ ድምሩ 934፣ አማካዩ 84.9 ነው። ከፎቶው የተነበቡትን ቁጥሮች ስደምር 929 መጣ። አምስት ጎደለ። እንግዲህ የሆነ ቦታ በ5 ያነሰ ቁጥር አለ ብዬ 8 እና 3ን ማደን ያዝኩ። የኬሚስትሪ ውጤቱ 88 ሆኖ 83 ተብሎ ተነቧል። የጥቂት ደቂቃ ድመራ ነው፤ ባልደምር ኖሮ ድምሩ ከውጤቶቹ ጋር የማይገጥም ትርጉም ይወጣ ነበር።

ዋናው ካርድ ራሱ የድምር ስህተት ካለበትስ? አትንኩት። ተርጓሚ አያርምም። እንዳለ ተርጉማችሁ ሥሩ ላይ «በዋናው ሰነድ እንዲህ ተጽፏል» የሚል ማስታወሻ ጨምሩ። ማረም የሚችለው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። ጊዜ ካላችሁ ከትርጉሙ በፊት ወደ መዝገብ ክፍሉ ሄዳችሁ ማስተካከሉ ይሻላል።

ትርጉሙ ራሱ፣ መስመር በመስመር

ማሽኑን ለረቂቅ ተጠቀሙበት፣ አልቃወምም። እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን የትምህርት ቤት አማርኛ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው፤ ተራው ቃል እዚያ ሲገባ ትርጉሙ ይለወጣል። ከላይ ካየናቸው ሌላ የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው። «ደረጃ» ካርድ ላይ ልጁ ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣ ነው፣ «ራንክ»፤ «ሌቭል» ከተባለ ሰባተኛ የወጣው ልጅ ሰባተኛ ክፍል ይሆናል። «ጠባይ» በትምህርት ቤት ቋንቋ «ኮንዳክት» ነው። «ክፍል» ደግሞ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ዘጠነኛ ክፍል፣ የክፍሉ ምድብ፣ መማሪያ ክፍሉ ራሱ። «ሂሳብ» ያለው ቦታ «ቢል» ወይም «አካውንት» ከመጣ ወዲያው ይታያል፣ እሱ አያሳስብም። የሚያስፈራው ትክክል የሚመስለው ስህተት ነው። «ትራንስፈርድ» ጥሩ እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛውን የማያውቅ ሰው ምንም እንከን አያይበትም።

ስም አይተረጎምም፤ በላቲን ፊደል ይጻፋል እንጂ። እንዴት እንደሚጻፍ የሚወስነው ፓስፖርቱ ነው። ብርሃኑን አንዱ በ«አይ» ሌላው በ«ኢ» ሊጽፈው ይችላል፤ ፓስፖርቱ በ«ኢ» ካለ በ«ኢ» ነው። ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስም ካለና ከፓስፖርቱ ከተለየ ግን እሱን አታስተካክሉት። ካርዱ እንደጻፈው ትታችሁ በተርጓሚ ማስታወሻ «በፓስፖርት ላይ እንዲህ ተጽፏል» በሉ። የትምህርት ቤቱም ስም እንዲሁ ነው። «ብርሃን ለሁሉም» የሚባል ትምህርት ቤት «ላይት ፎር ኦል» ከተባለ መርማሪው ቢፈልገው የትም አያገኘውም። በድምፁ ጻፉት፤ የግድ ከሆነ ትርጉሙን በቅንፍ አስከትሉ። ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚጠቀምበት የእንግሊዝኛ ስም ካለው ግን እሱ ይቀድማል።

አሁን ወደ ዘመን አቆጣጠር እንምጣ። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም ሰው በሰባት ዓመት ቀንሶ ወይም ደምሮ ይገላገላል። የብርሃኑ ካርድ «2011 ዓ.ም» ይላል። የትምህርት ዘመኑ በመስከረም 2011 ይጀምራል፣ በፈረንጆቹ በሴፕቴምበር 2018። የሚያልቀው በሰኔ፣ በ2019 ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጽሑፍ 2018/19 ነው። ካርዱ የተሰጠው ሰኔ 30 ቀን 2011 ሲሆን ይህ ጁላይ 7 ቀን 2019 ነው።

የልደት ቀኑ ይበልጥ ያጠምዳል። ካርዱ ጥር 12 ቀን 1996 ይላል። ብዙ ሰው በልማድ ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ነው ብሎ ይቆጥርና ጃንዋሪ 20 ቀን 2004 ይላል። ስህተት ነው። 1995 ጳጉሜን ስድስት ቀን ያላት ዓመት ነበረች። ስለዚህ የ1996 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ዋለ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 21 ቀን 2004 ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ያለፈው ዓመት ለአራት ሲካፈል ሦስት ከተረፈ ጳጉሜን ስድስት ነበረች ማለት ነው።

የብርሃኑ ፓስፖርት ጃንዋሪ 21 ይላል። ትርጉሙ ጃንዋሪ 20 ቢል ኖሮ በአንድ ቀን የሚለያዩ ሁለት የልደት ቀኖች በአንድ ፋይል ውስጥ ይገቡ ነበር። ለዚህ ነው ሁለቱንም የምጽፈው፦ በመጀመሪያ በካርዱ ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ቀን፣ ቀጥሎ በቅንፍ የፈረንጁን። የወሩንም ስም በፊደል እጽፋለሁ። 03/04 ብላችሁ ከጻፋችሁ አንዱ ማርች፣ ሌላው ኤፕሪል ብሎ ያነበዋል።

አንድ ነገር አትሥሩ፦ ውጤቱን ወደ 4.0 መለኪያ አትቀይሩት። 84.9 አማካይ 84.9 ሆኖ ይቀራል። ያንን መቀየር የትምህርት ማስረጃ ምዘና ይባላል፤ ለብቻው የሚሠራው ሌላ ተቋም ነው። ተርጓሚ ከሠራው ወረቀቱ ትርጉም መሆኑ ያበቃል።

ማኅተም፣ ፊርማ፣ የማይነበብ ቦታ

ትርጉሙ የካርዱን መልክ ይከተላል። ሠንጠረዥ ካለ ሠንጠረዥ፣ ማኅተሙ ከታች በቀኝ ካለ ከታች በቀኝ። መርማሪው አማርኛ አያነብም፤ ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን ይዞ በቦታቸው ነው የሚያመሳክረው።

ቃል ያልሆነው ሁሉ በቅንፍ ይገለጻል። «[ክብ ሰማያዊ ማኅተም፦ የትምህርት ቤቱ ስም]»፣ «[ፊርማ]»፣ «[የርዕሰ መምህሩ ቲተር]» እያላችሁ፣ በእርግጥ በእንግሊዝኛው። ያልተነበበ ነገር ካለ «[የማይነበብ]» ይባላል። አይገመትም። ብርሃኑ የላከልኝ ፎቶ ላይ ከርዕሰ መምህሩ ስም ሁለት ፊደል በማኅተሙ ተሸፍኖ ነበር። ማሽኑ ምንም ሳይጠራጠር አንድ ስም ገጥሞ ሞላው። ካሜራ ትርጉም ያየውን ካላየው ለይቶ አይነግራችሁም፤ ያ ነው ትልቁ ችግሩ። ልጁን ማኅተሙን ብቻ በቅርብ አስነስቶ እንዲልክልኝ ጠየቅኩት፤ ስሙ ሌላ ሆኖ ተገኘ።

መቼ ነው የሰው ፊርማ የግድ የሚሆነው?

እስካሁን ያለው እናንተም ልትሠሩት የምትችሉት ነው። ይህን ይዛችሁ ቅጽ መሙላት፣ ዩኒቨርሲቲው ምን እንደጎደለ ማወቅ፣ ተርጓሚው የሠራውን መፈተሽ ትችላላችሁ። ወደ ቪዛ ፋይል የሚገባው ግን የሆነ ሰው «ይህን እኔ ተረጎምኩት፣ ትክክል ነው» ብሎ ስሙን ያስቀመጠበት ወረቀት መሆን አለበት። መተግበሪያ አይፈርምም፣ ቢሳሳትም ማንም አይጠይቀውም።

ያ ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል እንደ አገሩ ይለያያል።

አሜሪካ ከሁሉም ለቀቅ ያለች ናት። ለኢሚግሬሽን አገልግሎቱ የሚቀርብ ሰነድ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይፈልጋል። ተርጓሚው ሁለት ነገር በጽሑፍ ያረጋግጣል፦ ትርጉሙ የተሟላና ትክክል መሆኑን፣ እሱም ከዚያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቃት እንዳለው። ፈቃድ ያለው ባለሙያ መሆን አለበት አይልም። በኤምባሲ በኩል የሚሰጥ የኢሚግራንት ቪዛ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች፦ ትርጉም የሚያስፈልገው በእንግሊዝኛ ወይም በምታመለክቱበት አገር ኦፊሴላዊ ቋንቋ ላልተጻፈ ሰነድ ነው።

እንግሊዝ አራት ነገር ትፈልጋለች። ትርጉሙ ከዋናው ጋር ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ቃል፣ የተተረጎመበት ቀን፣ የተርጓሚው ሙሉ ስምና ፊርማ፣ የመገናኛ አድራሻው። አንዷ ከጎደለች ትርጉሙ እንዳልቀረበ ሊቆጠር ይችላል። ብዙ ጊዜ የምትረሳው ቀኗ ናት።

አውስትራሊያ የተርጓሚውን ቦታ ታያለች። እዚያው አገር ውስጥ ከተተረጎመ ተርጓሚው በናቲ፣ ማለትም በአገሪቱ የተርጓሚዎች እውቅና ሰጪ ድርጅት የተመሰከረለት መሆን አለበት። ከውጭ ከሆነ ግዴታው ይነሳል፤ ግን ስሙን፣ አድራሻውን፣ ስልኩን፣ በቋንቋው ያለውን ብቃትና ልምድ መጻፍ አለበት።

ጀርመን ላይ በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ የተለመደ ነው። ስማቸው `justiz-dolmetscher.de` ላይ በቋንቋ ይፈለጋል። እነዚህ ተርጓሚዎች ማረጋገጫቸው ላይ ከፊታቸው የነበረው ዋናው ሰነድ ይሁን ኮፒ ወይስ ስካን ብለው ይጽፋሉ። ከስልክ ፎቶ የተሠራ ትርጉም ያንኑ ይዞ ይወጣል ማለት ነው፤ ተቀባዩ ዋናው ይታይልኝ ካለ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ተርጓሚውን «ከፎቶ ትሠራለህ? ማረጋገጫው ላይ ምን ትላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ካናዳ ጥብቅ ናት፣ የብርሃኑም ጉዳይ የተጠላለፈው እዚያ ላይ ነው። ሰነዱ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ካልሆነ ትርጉም ይያያዛል። ተርጓሚው በሙያ ማኅበር የተመሰከረለት ካልሆነ የቃለ መሐላ ጽሑፍ ይጨመራል። ተርጓሚው ቃለ መሐላ ለመቀበል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ትርጉሙ ትክክል ነው ብሎ ይምላል። በተጨማሪ የተተረጎመው ሰነድ የተረጋገጠ ኮፒ ይቀርባል። አመልካቹ ራሱ፣ ቤተሰቡ ወይም ወኪሉ መተርጎም አይችሉም። ቤተሰብ ሲባል ወላጅና ወንድም እህት ብቻ አይምሰላችሁ፤ አጎት፣ አክስት፣ የአጎት ልጅ ሁሉ ገብተውበታል። ሙያቸው ትርጉም ቢሆንም እንኳ።

ከአገር ሕግ ውጪ ደግሞ ባትገደዱም ወደ ሰው ሂዱ የምላቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንዱ ካርዱ በሙሉ በእጅ ከተጻፈ ነው። ሁለተኛው ስም ወይም የልደት ቀን በሰነዶቻችሁ መካከል ከተለያየ ነው። ያኔ የሚያስፈልጋችሁ ልዩነቱን በማስታወሻ የሚያስረዳና ተደውሎ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ነው። ካናዳ የተሳሳተ መረጃ አቅርቧል ያለችውን ሰው ለአምስት ዓመት ልታግድ ትችላለች፤ «ማሽኑ ነው የተሳሳተው» የሚለው መከላከያ ሊያዋጣ መቻሉን እጠራጠራለሁ።

ትርጉም ሌላ፣ ሰነድን ማረጋገጥ ሌላ መሆኑንም ልብ በሉ። ተርጓሚው ካርዱ እውነተኛ ነው አይልም፣ ቃሉ ይህ ነው ይላል እንጂ። የካርዱን እውነተኛነት የሚያረጋግጠው ካርዱን የሰጠው ትምህርት ቤት ወይም የትምህርት ባለሥልጣን ነው። ኤምባሲው ሁለቱንም ከጠየቀ መጀመሪያ ካርዱ ተረጋግጦ ማኅተም ይረፍበት፣ ከዚያ ይተርጎም። ተገላቢጦሽ ከሠራችሁ አዲሱ ማኅተም ሳይተረጎም ይቀራል።

የብርሃኑ ፋይል እንዴት አለቀ

ለእኔ ሳይልክ በፊት የእንግሊዝኛ መምህር የሆነ አጎቱ «እኔ እተረጉምልሃለሁ» ብሎት ነበር። ጥሩ እንግሊዝኛ ያውቃል ይባላል፤ ግን አጎት ነው፣ አይቻልም። እኔ ዘመድ ስላልሆንኩ ይቻላል፣ ግን በተርጓሚዎች የሙያ ማኅበር የተመሰከረልኝ አይደለሁም። ስለዚህ ቃለ መሐላ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ረቂቁን ከፎቶው ሠራሁት። የኬሚስትሪውን ውጤት አስተካከልኩ፣ «ተዛውሯል»ን «ፕሮሞትድ ቱ ግሬድ 10» አልኩ፣ ደስታን ደስታ አድርጌ መለስኩ። ከዚያ ግን ፎቶው ዋጋው አለቀ። ኮፒውን የሚያረጋግጠው ሰው ዋናውን ካርድ በእጁ ይዞ ከኮፒው ጋር ማስተያየት አለበት፣ ከስልክ ላይ ማረጋገጥ አይችልም። የልጁ ዋናው ካርድ ደግሞ እናቱ ጋ ሌላ ከተማ ነበር።

ካርዱ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ሲመጣ ረቂቁን ከዋናው ጋር አስተያየሁት፤ ፎቶው ላይ ያልወጣች አንዲት መስመር ጀርባው ላይ በእርሳስ ተጽፋ አገኘሁ፦ «ተተኪ ካርድ»። ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያው ስለጠፋ በምትኩ የሰጠው ነበር። እሷም ተተረጎመች። ከዚያ ቃለ መሐላው ተፈረመ፣ የተረጋገጠው ኮፒ፣ ትርጉሙና የቃለ መሐላው ጽሑፍ በዚሁ ቅደም ተከተል በቀለም ስካን ተደርገው በአንድ ፒዲኤፍ ተጫኑ።